ኦቨርታይምን ከወጪ አስቀድሜው ሳለ ሶልቨሩ 167 ሰዓት ኦቨርታይም ሰጠኝ፤ ለምን?

ናቲ ፕላን

ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ በሞተር ዕቃ የሚያደርስ ድርጅት ውስጥ ፕላኒንግ ላይ ነው የምሠራው። የሳምንቱን ሥራ ለማን ስንት እንስጥ የሚለውን በጎል ፕሮግራሚንግ፣ ማለትም ብዙ ግብ አስቀምጦ ከየግቡ ያለውን ልዩነት በሚያሳንስ የሒሳብ ዘዴ፣ ሠርቼው የወጣው መልስ ግራ አጋባኝ።

በሳምንት 2,600 ያህል ዕቃ እናደርሳለን። 16 ቋሚ ሞተረኞች አሉን፤ በሳምንት 48 ሰዓት ይሠራሉ፤ አንዱ በሰዓት በአማካይ 2.5 ዕቃ ያደርሳል። ስለዚህ በመደበኛው ሰዓት እስከ 1,920 ዕቃ ይሸፈናል። የሚቀረውን 680 ወይ ቋሚዎቹ በኦቨርታይም ይሠሩታል፣ ወይ በዕቃ ቁጥር ለሚከፈላቸው ፍሪላንሰሮች ይሰጣል። ፍሪላንሰሮቹ ከ600 በላይ አይችሉም።

ወጪው እንዲህ ነው። በመደበኛ ሰዓት የሚደርስ ዕቃ ለነዳጅና ለጥገና 40 ብር ይፈጃል፤ ደመወዙ ተሠራም አልተሠራም ስለሚከፈል አላስገባሁትም። በኦቨርታይም የሚደርሰው 76 ብር ነው፤ የሰዓት ደመወዝ 60 ብር በ1.5 ተባዝቶ ለ2.5 ዕቃ ሲካፈል 36 ብር በ40ው ላይ ይጨመራል። ፍሪላንሰር በዕቃ 120 ብር ይወስዳል። ከመዝገባችን እንዳየሁት በመደበኛ ሰዓት ከሚወጣው 95 ከመቶ፣ በኦቨርታይም ከሚወጣው 90 ከመቶ፣ ፍሪላንሰር ከሚወስደው 70 ከመቶ በሰዓቱ ይደርሳል።

አለቃዬ ሦስት ግብ በደረጃ ሰጥቶኛል። አንደኛ፣ ከ2,600ው 2,340ው (90 ከመቶው) በሰዓቱ ይድረስ። ሁለተኛ፣ ኦቨርታይም በጠቅላላው ከ60 ሰዓት አይለፍ፤ ጥሩ ጥሩ ሞተረኞች በድካም እየለቀቁብን ነው። ሦስተኛ፣ ወጪው ከ140,000 ብር አይለፍ።

ኤክሴል ሶልቨር ላይ ከየግቡ የሚጎድለውን ወይም የሚያልፈውን በክብደት አባዝቼ ደመርኩና ድምሩን አሳንስ አልኩት። ከ2,340 ለጎደለ ዕቃ 1000፣ ከ60 ላለፈ ሰዓት 100፣ ከ140,000 ላለፈ ብር 1 ሰጠሁ። የመጣው መልስ 418.18 ዕቃ በኦቨርታይም የሚል ነው፤ ይህ 167 ሰዓት ይሆናል። ወጪው ደግሞ 140,000 ብር፣ አንድ ሳንቲም ሳይዛነፍ! ሦስተኛ ያልኩትን ግብ ጥንቅቅ አድርጎ አሟልቶ ሁለተኛውን ሦስት እጥፍ ሊጠጋ አሳለፈው። ፎርሙላዎቹን ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ስህተት አላገኘሁም።

ቨርጂኒያ ልጅ

ወንድሜ እኔ እዚህ ቫን ይዤ ፓኬጅ ነው የማደርሰው። ችግራችሁ መንገድ አመራረጥ ላይ ይመስለኛል። እዚህ ሥራው ሲወጣ አፑ ራሱ መቆሚያዎቹን ደርድሮ ይሰጥሃል፣ ያለዚያ በቀን ያን ሁሉ በር ማንኳኳት አይታሰብም። ቦሌን ለአንዱ፣ መርካቶን ለሌላው ብላችሁ ብትከፋፍሉት በሰዓት 2.5 ያልከው 4 ይሆናል፤ ኦቨርታይም የሚባል ነገርም አይኖርም። እዚህ ከ40 ሰዓት በላይ ከሠራህ ሕጉ አንድ ተኩል ያስከፍላቸዋል፣ ስለዚህ ዲስፓቸሩ 38 ሰዓት ላይ ስትደርስ ነው ወደ ቤትህ የሚሸኝህ 😄

ናቲ ፕላን

አመሰግናለሁ ወንድሜ። መንገዱን የሚደረድር ሰው አለን፣ 2.5 የምትለው ቁጥር ከእሱ በኋላ ያለችው ናት። የኔ ጥያቄ ዕቃው በየትኛው መንገድ ይሂድ ሳይሆን ስንቱን ማን ይውሰድ የሚለው ነው።

ኤክሴል ንጉሥ

ይሄማ ቀላል ነው። ክብደቶችህ ተቀራርበዋል። 1000፣ 100፣ 1 ማለት ደረጃ አይደለም። አንደኛውን ቢሊዮን፣ ሁለተኛውን ሚሊዮን፣ ሦስተኛውን 1 አድርገውና ይስተካከላል። ሌላው ደግሞ ሰዓትና ብር በአንድ ላይ እየደመርክ ነው። እያንዳንዱን ለግቡ አካፍለህ ወደ ከመቶ ቀይረው፤ ትርፍ ሰዓቱን ለ60፣ ትርፍ ብሩን ለ140,000። ከዚያ ሁሉም አንድ ቋንቋ ይናገራሉ።

መምህር ዘ

ናቲ፣ ፎርሙላህ ልክ ነው፤ ሶልቨሩም የታዘዘውን ነው የሠራው። ምን እንዳዘዝከው እንይ።

በሰዓቱ የመድረሱ ግብ አንዴ ከተሟላ በኋላ አንድ ዕቃ ከፍሪላንሰር ወስደህ ለኦቨርታይም ብትሰጥ ምን ይለወጣል? ከ120 ወደ 76 ስለሚወርድ 44 ብር ይቆጠባል፤ በክብደት 1 ሲባዛ 44 ነጥብ ነው። በሌላው ወገን አንድ ዕቃ 0.4 ሰዓት ይወስዳል፤ በ100 ሲባዛ 40 ነጥብ ቅጣት ይሆናል። 44 ከ40 ይበልጣል። ስለዚህ ሶልቨሩ እያንዳንዷን ዕቃ ወደ ኦቨርታይም ባዞረ ቁጥር 4 ነጥብ ያተርፋል። ያቆመው ወጪው 140,000 ላይ ሲደርስ ነው፤ ከዚያ በታች መውረድ በአንተ ቀመር ምንም ነጥብ አያስገኝምና። ሳንቲም ሳይዛነፍ ግቡ ላይ የቆመው ለዚህ ነው። እንዲህ ዓይነት ክብ ቁጥር ላይ ድርቅ ያለ መልስ ስታይ፣ ሲገዛ የነበረው የትኛው ግብ እንደሆነ ይነግርሃል።

100ውን 111 ብታደርገው ኖሮ 44.4 ስለሚሆን መልሱ ተገልብጦ 200 ዕቃ፣ 80 ሰዓት ይወጣልህ ነበር። 110 ላይ ሚዛኑ እኩል ነው። በ109 እና በ111 መካከል የሞተረኞችህ ሳምንት በእጥፍ ይለያያል ማለት ነው፤ አለቃህ ግን ስለ 110 የሚያውቀው ነገር የለም። እሱ ያለው «ሁለተኛና ሦስተኛ» ነው፤ አንተ የጻፍከው «አንድ ሰዓት 100 ብር ያወጣል» የሚል ነው። እነዚህ ሁለት የተለያዩ ሐሳቦች ናቸው።

ደረጃ ያለው ጎል ፕሮግራሚንግ መዝገበ ቃላት ውስጥ ቃላት እንደሚደረደሩት ነው የሚሠራው፤ ሁለተኛው ፊደል የሚታየው የመጀመሪያው እኩል ሲሆን ብቻ ነው። መጀመሪያ ከ2,340 የሚጎድለውን ብቻ አሳንስ። ያገኘኸውን ቁጥር እንደ ገደብ ቆልፈው። ከዚያ ከ60 ያለፈውን ሰዓት ብቻ አሳንስ፤ እሱንም ቆልፍ። በመጨረሻ ወጪውን። ሦስት ጊዜ ይፈታል፤ ክብደት የሚባል ነገር አያስፈልግም። ዘዴውን ቻርንስና ኩፐር በ1950ዎቹ ሲጀምሩት ደረጃ አልነበረውም፤ በጥብቅ ደረጃ የማስቀደሙን ሐሳብ ያጠናከረው ኢጂሪ በ1965 ነው። ሁለቱን የማደባለቅ ልማድ ግን እስካሁን በየቢሮው አለ።

አንድ ሌላ ነገር። 60 ሰዓቱ ግብ ነው፣ ሊታለፍ ይችላል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ያስቀመጠው ግን ግብ አይደለም፤ የትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም። ለ16 ሰው 192 ሰዓት፣ ማለትም 480 ዕቃ ነው። እሱን የማይታለፍ ገደብ አድርገህ አስገባው እንጂ ከግቦቹ ጋር አትደርድረው። ለነገሩ አዋጁ የትርፍ ሰዓትን የሚፈቅደው እንደ አስቸኳይ ሥራ ላሉ ለተወሰኑ ምክንያቶች ነው፤ በየሳምንቱ በዕቅድ የሚያዝ ኦቨርታይም ለሕግ ክፍላችሁ የሚቀርብ ጥያቄ ነው።

ኤክሴል ንጉሥ

መምህር ይቅርታ፣ የእኔ ሚሊዮን እኮ ያንኑ መልስ ይሰጣል። አሁን ሞከርኩት፣ 200 ዕቃ፣ 80 ሰዓት። ሦስት ጊዜ መፍታት ምን ይጠቅማል?

መምህር ዘ

በዚህ ምሳሌ ይሰጣል፣ አልክድም። ሦስት ተለዋዋጭ ብቻ ስላለው ነው። ኤክሴል ሶልቨር አንድ ገደብ ተሟልቷል የሚለው በነባሪው 0.000001 ያህል ስህተት ይዞ ነው። ያንን በቢሊዮን ስታባዛው 1000 ነጥብ ይሆናል፤ ወጪህ ደግሞ በነጥብ 1 ብር ነው። ስለዚህ ምንም ያልሆነች የማጠጋጋት ስህተት የ1000 ብር ልዩነትን ልትውጥ ትችላለች። ነገ ናቲ ሞዴሉን በየክፍለ ከተማና በየቀኑ ከፋፍሎ ተለዋዋጮቹን ወደ ብዙ መቶ ሲያሳድግ የወጪው ደረጃ በጸጥታ ይጠፋል፤ ስህተት የሚል መልእክትም አይመጣም።

ወደ ከመቶ መቀየሩ ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ግን ለክብደት ዘዴ ነው የሚጠቅመው። ደረጃን አያረጋግጥም፤ ክብደት ሲሰጥ ቁጥሮቹ ለሰው ዓይን እንዲገቡ ያደርጋል እንጂ።

ኤክሴል ንጉሥ

እሺ መምህር፣ ቢሊዮኑን ትቼዋለሁ። ከመቶውን ግን አልተውም 🙂 አለቃ ፊት «7 ከመቶ አለፍን» ማለት «9,600 ብር አለፍን» ከማለት ይሻላል።

ናቲ ፕላን

መምህር እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በፓይተን አደረግኩት፤ ፐልፕ የሚባለውን ተጠቅሜ።

```python
from pulp import *

m = LpProblem("delivery", LpMinimize)
x = LpVariable("x", 0, 1920)
y = LpVariable("y", 0, 480)
z = LpVariable("z", 0, 600)
late = LpVariable("late", 0)
over = LpVariable("over", 0)
extra = LpVariable("extra", 0)

m += x + y + z == 2600
m += 0.95*x + 0.90*y + 0.70*z + late >= 2340
m += 0.4*y - over <= 60
m += 40*x + 76*y + 120*z - extra <= 140000

for d in [late, over, extra]:
    m.setObjective(d)
    m.solve(PULP_CBC_CMD(msg=0))
    print(d.name, round(value(d), 2))
    m += d <= value(d) + 1e-6
```

x በመደበኛ ሰዓት፣ y በኦቨርታይም፣ z በፍሪላንሰር ነው፤ late ከ2,340 የሚጎድለው ዕቃ፣ over ከ60 ያለፈው ሰዓት፣ extra ከበጀቱ ያለፈው ብር ነው። መልሱ late 0፣ over 20፣ extra 9600 ሆነ። ማለትም 1,920፣ 200 እና 480፤ ኦቨርታይሙ 80 ሰዓት፤ ወጪው 149,600 ብር።

አሁን ግን ሌላ ጥያቄ መጣ። ፋይናንስ በጀቱን ወደ 130,000 አውርደው ስላሉኝ 140000ን 130000 አደረግኩት። ዕቅዱ ንቅንቅ አላለም። 100,000 አደረግኩት፣ ያው። 200,000 አደረግኩት፣ አሁንም 1,920፣ 200፣ 480። ስለ ወጪ የጻፍኩትን መስመር በሙሉ ብሰርዘውስ? ሰረዝኩት፤ አልተለወጠም። ኮዱ ላይ የሆነ ነገር ቀርቶ ነው?

መምህር ዘ

ኮዱ ልክ ነው፤ `1e-6` የምትለዋን ትንሽ ክፍተት መተውህም ደግ አድርገሃል፤ ያለሷ በማጠጋጋት ምክንያት ሁለተኛው ዙር መፍትሔ የለም ሊልህ ይችል ነበር።

መስመሩን ሰርዘህ ማየትህ ትክክለኛው ፈተና ነው። አንድ ግብ ሲሰረዝ ዕቅዱ ካልተለወጠ ያ ግብ ወረቀት ላይ ነው ያለው እንጂ ዕቅዱ ውስጥ የለም።

ለምን እንደሆነ በእጅ ይታያል። 1,920ው በመደበኛ ሰዓት 1,824 በሰዓቱ ያደርሳል። የሚቀረው 680 ሙሉ በሙሉ ፍሪላንሰር ቢወስደው 476 ይጨምራል፤ ድምሩ 2,300። ግቡ ግን 2,340 ነው፤ 40 ይጎድላል። አንድ ዕቃ ከፍሪላንሰር ወደ ኦቨርታይም ስታዞር በአማካይ 0.2 ዕቃ ታተርፋለህ፤ ስለዚህ 40ውን ለመሙላት ቢያንስ 200 ዕቃ በኦቨርታይም መሄድ አለበት። ይህ የመጀመሪያው ግብ ትእዛዝ ነው። ሁለተኛው ግብ ደግሞ ኦቨርታይምን በተቻለ መጠን አሳንስ ይላል፤ ስለዚህ ከ200 በላይ አንድም አይፈቅድም። ከታች 200፣ ከላይ 200። ወጪው ተራው ሲደርስ የሚመርጠው ነገር አልቀረለትም፤ 149,600 ብሎ ይመዘግባል እንጂ አይወስንም።

በደረጃ የሚሠራ ሞዴል ላይ ይህ በጣም የተለመደ ነው። የላይኛው ግብ ከአቅም በላይ ከተሰቀለ የታችኞቹን ዝም ያሰኛቸዋል። ሰዎች ሰባት ስምንት ደረጃ ያስቀምጡና ከሦስተኛው በታች ያሉት ምንም ሲሠሩ አይታይም።

አለቃህ ማየት ያለበት የደረጃውን ዋጋ ነው። የመጀመሪያውን ግብ ከ2,340 ወደ 2,330 ዝቅ አድርገው፤ አሥር ዕቃ ብቻ። ያኔ 150 ዕቃ በኦቨርታይም ይበቃል፣ ማለትም 60 ሰዓት ልክ፤ ሁለተኛው ግብ ሙሉ በሙሉ ተሟላ። ወጪው ግን 151,800 ይሆናል፣ በ2,200 ብር ጨመረ። አየኸው? በአንተ ቤት በሰዓቱ መድረስና ወጪ የሚጣሉ አይደሉም፤ ሁለቱም ኦቨርታይምን ይወዳሉ። የሚጣላው ኦቨርታይም ከሁለቱም ጋር ነው። ሦስቱ ግቦች ሦስት ጎን ይመስላሉ እንጂ በተግባር ሁለት ጎን ናቸው።

ሌላው ማረጋገጫ፣ ሁለተኛና ሦስተኛውን ቦታ ብታቀያይር የሚመጣው 418 ዕቃና 167 ሰዓት ነው። የመጀመሪያው የኤክሴል መልስህ ማለት ነው። ክብደቶችህ ደረጃውን ሳይነግሩህ ገልብጠውት ነበር።

ሞተረኛው ከጀሞ

ሰላም። ሞተረኛ ነኝ፤ የሌላ ድርጅት ግን። እናንተ ኦቨርታይምን እንደ በሽታ ነው የምታወሩት። እኔ ኦቨርታይም ባይኖር ደመወዜ የቤት ኪራይ እንኳን አይሸፍንም። አንድ ተኩል እጥፍ ነው የሚከፈለኝ፣ ለምን ይቀነስብኛል? ድርጅታችን ኦቨርታይም ሲቀንስ ጎበዝ ጎበዞቹ ወደ ፍሪላንስ ነው የሄዱት፣ ዕቃ በ120 የሚከፈል ከሆነማ ማን ይቀመጣል። ሰው የሚለቀው በድካም ነው ያለህ ማነው?

ናቲ ፕላን

ወንድሜ ልክ ብለሃል፣ ሁሉም እንደማይጠላው አውቃለሁ። ከለቀቁት ሰዎች ጋር ስናወራ ግን ቅሬታው ጥቂቶቹ ላይ ስለሚከማች ነው፤ ሁለት ሦስቱ በየምሽቱ ይቆያሉ፣ ሌሎቹ ሳይነኩ ይሄዳሉ።

መምህር ዘ

እንግዲያው ግቡ በስህተት ተጽፏል። በጠቅላላው 60 ሰዓት ማለት ለ16 ሰው ሲካፈል ለአንዱ 4 ሰዓት እንኳን አይሞላም፤ ያ ማንንም አያደክምም። 80 ሰዓቱም ቢሆን ለአንዱ 5 ነው። የሚያደክመው 60ው ለአምስት ሰው ብቻ ሲሰጥ ነው። ልትቆጣጠር የፈለግከው የአንድ ሰው ከፍተኛ ሰዓት ከሆነ፣ ግቡን በሰው ጻፈው፤ ማንም ሰው ከ6 ሰዓት አይለፍ ብለህ። ፈቃደኛ የሆነውን ሞተረኛም ከማይፈልገው መለየት ይቻላል። ሞተረኛው ከጀሞ ያነሳው ነገር ከሒሳቡ ውጪ አይደለም።

ሂሩት ዲስፓች

ዘግይቼ ገባሁ። እኔ ዲስፓቸር ነኝ፤ ሒሳቡን ለእናንተ እተዋለሁ፣ ግን 70 ከመቶ የምትለዋ ቁጥር አልተዋጠችልኝም። ናቲ፣ ለፍሪላንሰር ምን ዓይነት ዕቃ ነው የምትሰጡት?

እኛ ጋ ቋሚዎቹ ጠዋት ቅርብ ቅርቡን ይወስዳሉ። ለፍሪላንሰር የሚቀረው አያት ጫፍ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ከሰዓት 10 ሰዓት በኋላ የገባ፣ ደንበኛው ስልክ የማያነሳ ነው። ያንን ዕቃ ለኔ ምርጥ ቋሚ ሞተረኛ ብሰጠውም ይዘገያል። ስለዚህ 70ው የፍሪላንሰሩ ነው ወይስ የዕቃው?

ሁለተኛ፣ 2.5 አማካይ ናት። የኛ ሥራ ግማሹ ከ10 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ነው የሚመጣው። ጠዋት ሞተረኛ ቁጭ ብሎ ሻይ ይጠጣል፣ ማታ ሰው ይጠፋል። በሳምንት 1,920 ይቻላል ማለት ወረቀት ላይ ነው። የበዓል ዋዜማ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው።

ሦስተኛ፣ ኦቨርታይማችሁ መቼ ነው? እሑድ ከሆነ እኮ እጥፍ ነው የሚከፈለው፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ከሆነ 1.75።

ናቲ ፕላን

ሂሩትዬ፣ የመጀመሪያው ጥያቄሽ በትክክል ነው የመታው። ራቅ ያለውንና ዘግይቶ የገባውን ነው የምንሰጣቸው፣ አዎ። 70ውን ወደ 75 ለውጬ አስኬድኩት። መልሱ ሙሉ በሙሉ ተለወጠ። በሰዓቱ ለመድረስ 40 ዕቃ ብቻ በኦቨርታይም ቢሄድ በቂ ይሆናል፤ ፍሪላንሰሮቹ ከ600 ስለማያልፉ ግን ዝቅተኛው 80 ነው። እስከ 150 ድረስ ኦቨርታይሙ 60 ሰዓቱን አያልፍም። ስለዚህ ሁለቱም የላይ ግቦች ይሟላሉ፤ ከ80 እስከ 150 ባለው ውስጥ ደግሞ ወጪው ራሱ መረጠ፣ 150 ወሰደ። ወጪው 151,800። በጀቱን ያልፋል፣ ግን ቢያንስ አሁን ድምፅ አለው።

ኦቨርታይማችን አብዛኛው በሥራ ቀን ከምሽቱ 4 ሰዓት በፊት ነው፤ ጥቂት እሑዶች አሉ። በእሑድ ሒሳብ 120 ለ2.5 ሲካፈል 48፣ ከ40ው ጋር 88 ብር ይሆናል። አሁንም ከ120 ያንሳል።

መምህር ዘ

ሂሩት ያነሳችው ከኔ ሁሉ ረዥም ጽሑፍ ይበልጣል። አምስት ነጥብ የምታህል ልዩነት አንዱን ግብ ከ«አይሟላም» ወደ «ይሟላል» ካሻገረች፣ ከሞዴሉ በፊት እሷ ትለካ። መንገዱ ቀላል ነው። ለተወሰነ ጊዜ በአንድ ሰፈርና በአንድ ሰዓት የገቡ ዕቃዎችን በዕጣ ለቋሚና ለፍሪላንሰር አከፋፍል፤ ከዚያ በሰዓቱ የደረሰውን አወዳድር። አሁን ባለው መዝገብ ቁጥሩን ብቻ እያየህ መለየት አትችልም፤ ሁለቱ ተቀላቅለዋል።

ስለ ሰዓቱ መጨናነቅ፣ ሳምንቱን እንደ አንድ ከረጢት መውሰድ አይሆንም። x፣ y እና z እያንዳንዳቸው በፈረቃ መከፈል አለባቸው፤ ጠዋት ያልተሠራበት የመደበኛ ሰዓት ለማታ አይተላለፍምና። ይህ ሲገባ 1,920ው በእርግጠኝነት ይወርዳል፤ ኦቨርታይሙም ወይ ፍሪላንሰሩ ይጨምራል።

ኤክሴል ንጉሥ

ቆይ፣ አንድ ነገር ማንም አላነሳም። ለምን ሁለት ሰው አትቀጥሩም? ሠርቼዋለሁ። ሁለት ሰው 96 ሰዓት ነው፣ 240 ዕቃ። መደበኛው 2,160 ሆነ፤ የሚቀረው 440። ኦቨርታይም 150 (60 ሰዓት)፣ ፍሪላንሰር 290። በሰዓቱ የሚደርሰው 2,390፣ ከግቡ 50 በላይ። ወጪው 132,600፤ የሁለቱን ደመወዝ በሳምንት 5,760 ብር ጨምረህ 138,360። ሦስቱም ግብ ተሟላ! ክብደት የለ፣ ደረጃ የለ 😎

አንድ ሰው ብቻ ከሆነ ሁለቱ የላይ ግቦች ይሟላሉ፤ ወጪው ግን 145,080 ይመጣል።

ናቲ ፕላን

ኧረ ይሄስ ጥሩ ነው። ነገ ለአለቃዬ አቀርበዋለሁ።

መምህር ዘ

አቅርበው፣ ግን ሁለት ነገር ይዘህ ግባ። ሁለት ሰው ሁለት ሞተር ነው፤ የሞተሩ ዋጋ፣ ኢንሹራንሱ፣ ሰሌዳና ፈቃዱ በ138,360 ውስጥ የለም። ከበጀቱ የተረፈችው 1,640 ብር በሳምንት ያንን ትችላለች ወይ ብሎ ፋይናንስ ይጠይቅሃል። የሂሩት የጠዋት ሻይም አለ፤ አዲሶቹ ሁለት ሰዎች ጠዋት ከተመደቡ 240 ዕቃ አያደርሱም።

ሁለተኛው የዘዴው ጠባይ ነው። ሦስቱም ግብ ሲሟላ ሁሉም ልዩነት ዜሮ ይሆንና ሞዴሉ ይተኛል። ኦቨርታይም 113 ዕቃ ቢሆንም 150 ቢሆንም እኩል «ምርጥ» ነው ይልሃል፤ ሁለቱም ግቦቹ ውስጥ ናቸውና። የትኛውን እንደሚያሳይህ የሶልቨሩ ጉዳይ ነው። ኤክሴል ንጉሥ 150 ያገኘው በእጁ ስለመረጠው ነው። ስለዚህ መጨረሻ ላይ አራተኛ ዙር ጨምር፤ ሦስቱን ቆልፈህ ወጪውን ራሱን አሳንስ ወይም ኦቨርታይሙን ራሱን አሳንስ። የትኛውን? እሱን አለቃህ ይመልስ።

ኤክሴል ንጉሥ

150 የመረጥኩት ርካሹ እሱ ስለሆነ ነው፣ ሌላ ማን ይመርጣል 😄 የሞተሩን ወጪ ግን ተቀብያለሁ። የቆዩ ሞተሮች ካሏችሁ ይቀላል።

ሂሩት ዲስፓች

ናቲ፣ ሁለቱን ስትቀጥር ፈረቃቸውን ከ7 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 አድርጋቸው እንጂ ጠዋት አታስገባቸው። መደበኛ ሰዓታቸው ላይ ነው ሥራው የሚበዛው፣ ኦቨርታይም አይባልም። እኛ ጋ እንዲህ አድርገን ፍሪላንሰር ብዙ ቀንሶልናል። በዕጣ ማከፋፈሉን ግን አለቃህ አይፈቅድልህም፤ ደንበኛ ሲጮህ ዕጣ ነው ብለህ አትመልስም።

ናቲ ፕላን

በአንድ ሰፈር ብቻ፣ ለምሳሌ ሲኤምሲ ላይ ብሞክረውስ? እዚያ የሚጮኸው ደንበኛ ትንሽ ነው።

ሞተረኛው ከጀሞ

ሲኤምሲ ማታ ማታ ስልክ የማያነሱት እዚያ ናቸው ወንድሜ 😂 ሌላ ሰፈር ፈልግ። ሁለት ሰው የምትቀጥሩ ከሆነ ግን ስልኬን በውስጥ መስመር ልላክልህ።